በአግባብነት የተደራጀ ሲቪ ምንድን ነው? ለድኅረ ዶክትሬት የሚያመለክት መምህር ምኑን ያስቀድም

በአግባብነት የተደራጀ ሲቪ ማለት ክፍሎቹ በዘመን ቅደም ተከተል ሳይሆን ለተጠየቀው ሥራ ባላቸው ቅርበት የተሰለፉ ሲቪ ነው። ማስታወቂያው አጥብቆ የጠየቀው የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይቀመጣል፣ ያልጠየቀው ወደ ኋላ ይሄዳል ወይም ጭራሽ ይወጣል። ቀን ግን አይጠፋም። በየክፍሉ ውስጥ ያሉት መስመሮች እንደ ወትሮው ከቅርቡ ወደ ሩቁ ይወርዳሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ “በቀን አይሰለፍ” ሲባል ዓመቱን መሰረዝ ይመስለዋል። ዓመት የሌለበት ሲቪ የደረሰው ፕሮፌሰር ደግሞ ሰውየው የሚደብቀው ነገር እንዳለ ከመጠርጠር አያልፍም።

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የሚያስተምር ሰው እጅ ላይ ያለው ሲቪ አብዛኛውን ጊዜ የተሠራው ለደረጃ ዕድገት ነው። የዕድገት ኮሚቴ ይቆጥራል፦ የአገልግሎት ዘመን፣ የተሰጡ ኮርሶች፣ የታተሙ ጽሑፎች፣ የማኅበረሰብ አገልግሎት። ስለዚህ ሲቪው እንደ ጎተራ ነው፤ የገባበት ሁሉ ይቀመጣል። የትውልድ ቦታና የጋብቻ ሁኔታ ከላይ፣ የማስተማር ሥነ ዘዴ ሰርተፊኬት መሀል፣ የታተሙ ጽሑፎች መጨረሻ። የድኅረ ዶክትሬት ቅጥር ሌላ ነገር ነው። አንድ ፕሮፌሰር ለአንድ ፕሮጀክት ገንዘብ አግኝቷል፣ ጊዜው የተወሰነ ነው፣ የሚፈልገውም ሥራውን ሳይውል ሳያድር መጀመር የሚችል ሰው ነው። ዶክትሬቱ መቼ ተጠናቀቀ፣ በገዛ እጁ ምን ሠራ፣ ከዚያስ ምን አሳተመ? እነዚህን ሦስት ነገሮች አንደኛው ገጽ ላይ ካጣ ሁለተኛውን ለመግለጥ ብዙም አይነሳሳም።

አንድ ጉዳይ ይዘን እንሂድ። ኮምቦልቻ የምታስተምር የአካባቢ ምህንድስና ዶክተር አለች እንበል። የዶክትሬት ሥራዋ ከቡና ገለባ በተሠራ ከሰል የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ውስጥ ያለን ክሮሚየም ማጣራት ነበር፤ ናሙናዎቿንም ከቦርከና ወንዝ አምጥታለች። ያየችው ማስታወቂያ የሁለት ዓመት ሥራ ሲሆን አምስት ነገር ይዘረዝራል፦ አንደኛ ዶክትሬት፣ ሁለተኛ ፍሰቱ በማይቋረጥ ኮለም ማለትም ማጣሪያ በተሞላ ቱቦ ላይ የተሠራ የማጣራት ሙከራ፣ ሦስተኛ ብረቶችን አቶሚክ አብዞርብሽን በሚባለው የላብ መሣሪያ መለካት፣ አራተኛ ውጤትን `R` በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር መተንተን፣ አምስተኛ “ቢኖር ይመረጣል” በሚል ተማሪ ማማከር። ማስተማር የሚል ቃል የለበትም። የእሷ ሲቪ ሰባት ገጽ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ክፍሎችን ማዘዋወር አይደለም። ማስታወቂያውን አትማ በየጥያቄው ላይ ከ1 እስከ 5 ቁጥር ትስጥ። ከዚያ አሮጌውን ሲቪ በእስክሪብቶ እየተከተለች ማስረጃ በሚሆነው መስመር ጎን ቁጥሩን ትጻፍ። ዶክትሬቱ አንደኛው ገጽ ላይ ተገኘ። አቶሚክ አብዞርብሽኑ አራተኛው ገጽ ላይ “የአምስት ቀን ሥልጠና ተሳትፎ” ተብሎ ከፀረ ሙስና ዐውደ ጥናት ሥር ተቀምጧል። `R` አምስተኛው ገጽ ላይ በኮምፒውተር ችሎታ ሥር ከዎርድና ከኤክሴል ጋር ተሰልፏል። የምታማክራቸው የማስተርስ ተማሪዎች ሦስተኛው ገጽ ላይ ከኮርሶቹ መሀል ናቸው። አሥራ ስምንት ወር የለፋችበት የኮለም ሙከራ ደግሞ የትም የለም፤ በመመረቂያ ጽሑፉ ርዕስ ውስጥ ብቻ ተሰውሯል።

ነገሩ የሚገለጠው እዚህ ነው። ማስረጃው አለ፣ ግን ተበትኗል። “የሥራ ልምድ” የሚለውን ክፍል እንዳለ ወደ ላይ ብታወጣው አንደኛው ገጽ በኮርስ ዝርዝር ይሞላል እንጂ የኮለም ሙከራው አይታይም። መሰንጠቅ አለበት። `Research Experience` የሚል አንድ ክፍል፣ `Teaching` የሚል ሌላ ክፍል ይውጣለት። አንዱ የሥራ ዘመን በሁለቱም ክፍል ቢጠቀስ ነውር የለውም፤ ዓመቶቹ እስከተመሳሰሉ ድረስ።

አዲሱ ሲቪ ሲሠራ አንደኛው ገጽ ከስም፣ ከኢሜይልና `ORCID` ከሚባለው የተመራማሪ መለያ ቁጥር ይጀምራል። ቀጥሎ ሦስት መስመር የምርምር መግለጫ ይመጣል። ትምህርት ከዚያ ይከተላል፣ ምክንያቱም ዶክትሬቱ የመግቢያ በር ነው፤ የመጀመሪያ ዲግሪው ግን አንድ መስመር ይበቃዋል፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አይጠቀስም። ከዚያ የምርምር ልምዱ። “የኮለም ሙከራ ሠርቻለሁ” ማለት ብቻ አይበቃም። የኮለሙ ስፋትና ቁመት፣ ስንት የፍሰት መጠን እንደተሞከረ፣ ስንት ናሙና እንደተለካ፣ ውጤቱ በየትኛው ሞዴል እንደተተነተነ በሁለት መስመር ይጻፍ። “በ2.5 ሳንቲ ሜትር ኮለም ሦስት የፍሰት መጠኖችን ፈትኜ፣ ውጤቱን በ`R` ከቶማስ ሞዴል ጋር አዛምጃለሁ” የሚል ዓረፍተ ነገር ሁለተኛውንና አራተኛውን ጥያቄ በአንድ ጊዜ ይመልሳል።

ልኬቱን ማን ሠራው የሚለው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ናሙናውን እሷ አዘጋጅታ መሣሪያውን የላብ ቴክኒሻን አንቀሳቅሶት ከሆነ እንደዚያው ይጻፍ። ቃለ መጠይቅ ላይ መጠየቁ አይቀርም። አቶሚክ አብዞርብሽን ጠቅላላውን ክሮሚየም እንጂ መርዛማውን ባለስድስት ክሮሚየም ለይቶ አይለካም፤ ያንን የሚለይ ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል። ሁለቱን አደባልቆ የጻፈ ሲቪ ለዘርፉ ሰው ከፊደል ስህተት የከፋ ነው።

ሁለተኛው ገጽ የጽሑፎቹ ነው። ከማስታወቂያው ጋር የሚቀራረቡ ሦስት ወይም አራት ጽሑፎች `Selected Publications` በሚል ከላይ ይቀመጡ፤ በእያንዳንዱ ሥር የእሷ ድርሻ ምን እንደነበር አንድ መስመር ይታከል። ሙሉው ዝርዝር ከሥር በዓመት ቅደም ተከተል ይምጣ። ገና ለመጽሔት የተላከ ጽሑፍ ከታተሙት ጋር አይቀላቀል፤ `Under review` በሚል ለብቻው ይቁም። “በዝግጅት ላይ” የሚባሉት ከአንድ ወይም ከሁለት ካለፉ መዝገቡን ያቀሉታል። እኛ ዘንድ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ፦ የአባት ስም። ውጭ ያለ አንባቢ የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም አድርጎ ይወስደዋል፣ መጽሔቶች ደግሞ አንዴ በአባት አንዴ በአያት ስም ያሳትማሉ። ስለዚህ በእያንዳንዱ ጽሑፍ ላይ የራሷ ስም ይደምቅ፣ ልዩነት ካለም ከዝርዝሩ በላይ በአንድ መስመር ይገለጽ።

ሦስተኛው ገጽ ላይ የቀረው ይሰበሰባል፦ ያማከረቻቸው ተማሪዎች ከላይ፣ ማስተማሩ ቀጥሎ፣ ምስክሮች መጨረሻ። አሥራ ሁለቱ ኮርሶች በዝርዝር አይቁሙ፤ “ለዘጠኝ ዓመት የውኃ ጥራትና የፍሳሽ ማጣሪያ ኮርሶች” ይበቃል። ይህ የሚያንገበግብ ቅነሳ ነው። ነገር ግን ሰባት ገጽ የነበረው አይጣልም። ማኅደር ሆኖ ይቀመጣል፣ ለማንም አይላክም፣ ለየማስታወቂያው የሚሆነው ከእሱ ይቀዳል። ነገ ማስተማር የሚጠይቅ ቦታ ሲወጣ ያው የኮርስ ዝርዝር አንደኛው ገጽ ላይ ሊወጣ ይችላል።

ስለ ቀን አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍ። ዶክትሬቷን ሐምሌ 20 ቀን 2015 ዓ.ም. ተከላክላ “2015” ብላ ብትጽፍ ውጭ ያለው አንባቢ በራሱ አቆጣጠር ይወስደዋል፤ እውነተኛው ቀን በጎርጎርዮስ ሐምሌ 27 ቀን 2023 ነው። ስምንት ዓመት አረጀች ማለት ነው። ይህ መልክ ብቻ አይደለም። የጀርመኑ ሁምቦልት ፋውንዴሽን የድኅረ ዶክትሬት ድጋፍ ዶክትሬት ካገኙ አራት ዓመት ያላለፋቸውን ይቀበላል፣ ማሪ ኩሪ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የምርምር ድጋፍም የራሱ የዓመት ገደብ አለው። በአቆጣጠር ስህተት ብቻ ከመስፈርቱ ውጭ መሆን ይቻላል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ሰባት ይደመራል፣ ከዚያ ወዲህ ስምንት፤ ስለዚህ ኅዳር 2013 የተጀመረ ሥራ 2020 እንጂ 2021 አይደለም። ወሩን አብሮ መጻፍ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ክፍተትም አለ። በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገብቶ በነበረበት ወቅት ምርምሩ የተቋረጠበት ሰው ያንን ጊዜ ክፍሎችን በማሸጋሸግ ሊሸፍነው አይሞክር። የሚመረምረው ሰው ቀኖቹን አያይዞ ያነባቸዋል። ከምርምር ልምዱ ሥር ከወሩና ከዓመቱ ጋር “በጦርነት ምክንያት የላብ ሥራ ተቋርጧል” የሚል አንድ መስመር ይበቃል፤ ማብራራት ካስፈለገ ቦታው የማመልከቻ ደብዳቤው ነው። የማሪ ኩሪው መርሐ ግብር የዓመት ገደብ ሲቆጥር የተወሰኑ መቋረጦችን ይቀንሳል፣ ስለዚህ የተመዘገበ ቀን ጥቅም አለው።

ይህ አደራደር የማይሠራበት ቦታም አለ። ገንዘብ ሰጪው የራሱን ቅጽ ካወጣ ቅደም ተከተሉ የእሱ ነው፤ የጀርመኑ የምርምር ገንዘብ ሰጪ ዲኤፍጂ የሲቪ ቅጽ አለው፣ የእንግሊዙ የምርምር ምክር ቤትም ሲቪን በዝርዝር ሳይሆን በትረካ የሚያስጽፍ ቅጽ ያቀርባል። እዚያ ላይ ክፍል ማዘዋወር ማመልከቻውን ሊያስጥል ይችላል። አግባብነት የሚገባው በየሳጥኑ ውስጥ ምን ይጻፍ በሚለው ላይ ብቻ ነው።

ከመላኩ በፊት አንደኛውን ገጽ ብቻ አትሞ ከሌላ ትምህርት ክፍል ለሆነ ባልደረባ መስጠት ይቻላል። አንድ ደቂቃ ይየው፣ ከዚያ ወረቀቱ ይወሰድበት፣ ማስታወቂያውም አይነገረው። “ይህቺ ሴት የምታመለክተው ለምን ዓይነት ሥራ ነው?” ተብሎ ይጠየቅ። “ፍሳሽ ለማጣራት” ካለ ይላክ። “ለመምህርነት” ካለ ኮርሶቹ አሁንም ከላይ አሉ ማለት ነው።