«የማስተማር ፍልስፍና መግለጫ» ሲሉ ምን ፈልገው ነው?

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያለ የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሲቪ ጋር ይህን ከጠየቀዎት፣ ፈላስፋ መጥቀስ አይጠበቅብዎትም። የሚፈለገው ክፍል ውስጥ ምን እንደሚያደርጉና ለምን እንደሚያደርጉት ነው፤ አንድ ገጽ ይበቃል።

«ተማሪ ተኮር ዘዴ እከተላለሁ» ብሎ ማቆም ዋጋ የለውም፤ ይህንንማ ሁሉም ይጽፈዋል። የሒሳብ መምህር ከሆኑ እንዲህ ይበሉ፦ «ስሎፕን ከቀመሩ አልጀምርም። ተማሪዎቼ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን መንገድ በግራፍ ይስላሉ፤ የቱ ጋ ይበልጥ እንደሚያዘቀዝቅም ይከራከራሉ። ቀመሩ ከዚያ ይከተላል። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ አንዲት ጥያቄ በቁራጭ ወረቀት ይመልሳሉ፤ ግማሾቹ ከሳቱ በማግስቱ በሌላ ምሳሌ እደግመዋለሁ።»

ብዙ አመልካች የሚረሳው ያቺን ቁራጭ ወረቀት፣ ማለትም ተማሪው መረዳቱን የሚያውቁበትን መንገድ ነው። ያልሞከሩትን ግን አይጻፉ፤ ናሙና ትምህርት አሳዩን ቢሉዎት ይጋለጣሉ።