በስልክ ጥገና ቤት ስለ ተጨማሪ ዕቃ ሽያጭ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ተጨማሪ ዕቃ የሚነሳው ደንበኛው ሊከፍል ሲል ነው»

ይህን ምክር መስማት ሰልችቶኛል። ሊከፍል ሲል እኮ ሂሳቡን በሆዱ ጨርሷል። ከዚያ በኋላ የምታነሳበት ነገር ሁሉ ኪሱን ለማራገፍ የመጣ ነው የሚመስለው። ዕቃ የሚነሳው ስልኩ ሲመረመር ነው፤ ያውም ምርመራው ራሱ ካመጣው ብቻ።

አንዲት ደንበኛ «ቻርጅ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፣ ባትሪ ቀይርልኝ» ብላ መጣች። ስልኩ 40 በመቶ ላይ ነበር። ቻርጀሩና ኬብሉ መሃል የምትገባዋን የዩኤስቢ መለኪያ ሰካሁ። በራሷ ኬብል 5 ቮልት ላይ 0.4 አምፔር አነበበ። ቻርጀሩን ሳልነካ የሱቁን ኬብል ስሰካ 1.6 ገባ። መለኪያውን ወደ እሷ አዞርኩት፣ ሌላ አልተናገርኩም። ኬብል ገዛች፣ ባትሪው ባለበት ቀረ።

በሁለቱም ኬብል ንባቡ ዝቅ ቢል ኖሮ መጀመሪያ የምጠረጥረው የቻርጅ ቀዳዳውን ነበር። ስልኩን አጥፍቶ በቀጭን የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ጫፍ አቧራውን ማውጣት፣ ከዚያ እንደገና መለካት ነው። በደንበኛው ኬብል ንባቡ ከፍ ካለ ኬብሉ ደህና ነው። ይህንንም ንገረው፤ ሽያጩ ይቅር።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሊሞላ የተቃረበ ስልክ በጥሩ ኬብልም ትንሽ ነው የሚስበው። የጋለ ስልክም እንደዚያው። 95 በመቶ ላይ ለክቶ «ኬብልህ ሞቷል» የሚል ሰው ወይ ሥራውን አያውቅም፣ ወይ ሌባ ነው። ቻርጀር እየቀያየሩ ማነጻጸርም አይሆንም፤ ፈጣን ቻርጀር ቮልቱን ከፍ ስለሚያደርግ አምፔሩ ብቻውን ያሳስታል።

«ጥቅል ማለት ብዙ ዕቃ በአንድ ዋጋ ነው»

ስክሪን ላስቀየረ ሰው መከላከያ ግላስና ከቨር ይበቃዋል። ኢርፎን ምን ቤት ነው? ሁለቱ ግን አብረው መሄዳቸውን ሳትሞክር አትሽጥ። ጠርዝ ድረስ የሚሸፍን ግላስ ጠበብ ካለ ከቨር ጋር ሲገናኝ ዳሩ ይነሳል፣ አየርም ይገባበታል። የጣት አሻራው ስክሪኑ ስር ያለ ስልክ ከሆነ ደግሞ ግላሱ ከተለጠፈ በኋላ አሻራውን አዲስ አስመዝግበህ እዚያው ሞክር። እምቢ ካለ ያ ግላስ ለዚያ ስልክ አይሆንም። የጥገናው፣ የግላሱና የከቨሩ ዋጋ ለየብቻ ተጽፎ ይታይ፤ አንዱን መተው የፈለገ ሳያፍር ይተወው።

«ዕቃው ነጻ ነው በለውና ዋጋውን ጥገናው ላይ ጨምረው»

ደንበኛው የጥገናውን ዋጋ ጎረቤት ሱቅ ሄዶ ይጠይቃል። ያኔ የምትመልሰውን አሁን አስብበት።

«አይ ያለ ሰው ሁለተኛ ሲጠየቅ ይገዛል»

አንዳንዱ ይገዛል። ስልኩ ሲበላሽ ግን ሌላ ቤት ይሄዳል።