ስልክ ከመግዛታችሁ በፊት የስክሪኑንና የባትሪውን ዋጋ ጠይቁ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

«ሳምሰንግ እኮ ነው፤ መለዋወጫው የትም አይጠፋም።»

መለዋወጫ የሚፈለገው በብራንድ ስም ሳይሆን በሞዴል ቁጥር ነው። ጋላክሲ ኤ13ን እንውሰድ። በዚህ ስም ሁለት ስልክ ተሽጧል። የ4ጂው ቁጥር SM-A135 ብሎ ይጀምራል፤ የ5ጂው ደግሞ SM-A136 ነው። የመጀመሪያው ስክሪን 1080 በ2408 ፒክስል ሲሆን የሁለተኛው 720 በ1600 ነው። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ የአንዱ ስክሪን ለሌላው አይሆንም።

ይህ ነገር በተለይ ከውጭ በሚላክ ስልክ ላይ ያስቸግራል። አሜሪካ ያለ ዘመድ የሚልከው ስልክ የሞዴል ቁጥሩ መጨረሻ ላይ U የሚል ፊደል ሊኖረው ይችላል። ያ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ መሆኑን ያሳያል። እዚያ በብዛት የተሸጠ ሞዴል እዚህ ብዙ ሰው እጅ ላይ ከሌለ ነጋዴው ስክሪኑን አስመጥቶ መደርደሪያ ላይ አያስቀምጥም። ስለዚህ ዘመዳችሁ «ምን ልላክልህ?» ሲል መጀመሪያ ቁጥሩን ጠይቁት።

ቁጥሩ Settings ውስጥ About phone በሚለው ስር Model number ተብሎ ተጽፏል። አዲስ ከሆነ ካርቶኑ ላይ አለ። እሱን ይዛችሁ መርካቶም ይሁን ሰፈራችሁ ሁለት ሦስት ሞባይል ሰሪ ጋ ጎራ በሉ። «ስክሪን አለ?» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። እጃቸው ላይ ካለ እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ። «አለ» እና «አስመጣላችኋለሁ» በጣም ይለያያሉ። ከዚያ ኦርጅናል ነው ኮፒ፣ ከነፍሬሙ ነው ያለፍሬም፣ የእጅ ዋጋው ስንት ነው ብላችሁ ጨርሱ። የብር ምንዛሬ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ከምንዛሬው ጋር ስለሚንቀሳቀስ፣ ጓደኛችሁ ዓምና የከፈለውን አትያዙ። የዚህን ሳምንት ጠይቁ።

ሂሳቡን በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለማሳያ ብቻ ናቸው። አንድ ያገለገለ ስልክ 20,000 ብር ተባላችሁ እንበል። ኦርጅናል ስክሪኑ ከነእጅ ዋጋው 11,000፣ ባትሪው 3,000 ነው። ሌላው ስልክ 22,000 ነው፤ ስክሪኑ ግን 5,000፣ ባትሪው 2,500። የመጀመሪያው በ2,000 ብር ረከሰ። አንዴ ስክሪኑ ቢሰበርና አንዴ ባትሪ ቢቀየር ግን 34,000 ይሆናል። ሁለተኛው 29,500 ላይ ይቆማል። እኔ የምመክረው የስክሪኑ ዋጋ ከስልኩ ዋጋ ግማሽ ካለፈ ሌላ ስልክ መፈለግ ነው። እንዲህ ያለ ስልክ ስክሪኑ በተሰበረ ቀን ማሠራቱ ያስቆጫል፤ መጣሉም ያስቆጫል።

«ኦርጅናል ባይሆንም ኮፒ ስክሪን ያው ነው።»

እንደ ስክሪኑ ዓይነት ነው። ስልኩ ከመነሻው ኤልሲዲ የሚባለው የስክሪን ዓይነት ካለው ጥሩ ኮፒ ብዙ ሰው ሳይቸገር ይጠቀምበታል። ቀለሙና ብርሃኑ ትንሽ ይወርዳል፤ ከዚያ ውጭ ስልኩ ይሠራል።

አሞሌድ የሚባለው፣ ያለ ጀርባ መብራት ራሱ የሚያበራ ስክሪን ላለው ስልክ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ገበያ ላይ በርካሽ የሚገኘው ኮፒ ብዙ ጊዜ አሞሌድ አይደለም። ኢንሴል ወይም ቲኤፍቲ የሚባል ኤልሲዲ ነው። ኤልሲዲ ከጀርባው መብራት ስለሚያስፈልገው ይወፍራል፤ ስለዚህ ፍሬሙ ላይ በደንብ አይቀመጥም፣ ጠርዙ ከፍ ብሎ ይታያል። ጣት የሚነበበው ከስክሪኑ ስር ከሆነ ደግሞ አንባቢው መሥራት ያቆማል። ያ አንባቢ የሚያየው በአሞሌዱ ውስጥ አሳልፎ ነው፤ የኤልሲዲው መብራት ደግሞ መንገዱን ይዘጋዋል።

ያገለገለ ስልክ ስትገዙ ስክሪኑ ተቀይሮ እንደሆነ መለየት ይቻላል። ጨለማ ቦታ ገብታችሁ ሙሉ ጥቁር ፎቶ ክፈቱ። አሞሌድ ከሆነ የጠፋ እስኪመስል ይጠቁራል፤ ኤልሲዲ ከሆነ ግራጫ ብርሃን ይወጣዋል። ሳምሰንግ ላይ *#0*# ብትደውሉ የመፈተሻ ገጽ ይከፈታል፤ እዚያ ቀለሞቹን አንድ በአንድ እያያችሁ መስመርና ነጠብጣብ መፈለግ ትችላላችሁ። በአይፎን 11 እና ከዚያ ወዲህ በወጡት አብዛኞቹ ላይ Settings ከዚያ General ከዚያ About ግቡ። ስክሪኑ ኦርጅናል ካልሆነ Unknown Part የሚል ጽሑፍ ይታያል።

«ባትሪ ምን አላት? ትነቀላለች፣ ሌላ ትገባለች።»

ድሮ እውነት ነበር። ጀርባውን በጥፍር ከፍተን ባትሪውን አውጥተን የምንመልስበት ጊዜ ነበር። ዛሬ በአብዛኛው ስልክ ላይ ባትሪው በጠንካራ ማጣበቂያ ፍሬሙ ላይ ተለጥፏል። የሚለጠፈው ደግሞ በቀጭን ብረት ላይ ነው፤ ከዚያ ብረት በስተጀርባ ስክሪኑ አለ።

ሥራው በደንብ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ሠሪው መጀመሪያ የስልኩ ቻርጅ ከ25 በመቶ በታች መውረዱን ያያል፤ የሞላ ባትሪ ቢጎዳ እሳቱ የባሰ ነውና። የጀርባውን ጠርዝ በልኩ ያሞቅና በቀጭን ፕላስቲክ ይከፍተዋል። ብሎኖቹን ፈትቶ ከምንም በፊት የባትሪውን ገመድ ከቦርዱ ይነቅላል። ከዚያ ኢሶፕሮፒል አልኮል በባትሪው ጠርዝ ያንጠባጥባል፤ ማጣበቂያው እስኪላላ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቃል። ለስላሳ የፕላስቲክ ካርድ አስገብቶ ቀስ እያለ ከአንድ ወገን ያላቅቀዋል። የታጠፈ ባትሪ ተመልሶ አይገባም።

አይፎን ላይ ለብዙ ዓመት የተለመደው ተስቦ የሚወጣ ማጣበቂያ ነው። በቀስታ፣ ወደ ጎን ዝቅ ተደርጎ ከተጎተተ ባትሪውን ይለቀዋል። በመሐል ከተበጠሰ ግን ሠሪው ወደ አልኮሉና ወደ ካርዱ ይመለሳል።

ስህተቱ የሚመጣው ከችኮላ ነው። አልኮሉን ትቶ በብረት መፍቻ ፈልቅቆ ማውጣት የሚወድ አለ። ብረቱ ባትሪውን ከበሳው ሊቲየሙ በሰከንዶች ውስጥ ይግላል፣ ይጨሳል፣ ይነዳል። ባይበሳም እንኳ ጉልበቱ በቀጭኑ ብረት በኩል ስክሪኑን ይገፋዋል። አሞሌድ ደግሞ ከጀርባ ሲገፋ ቶሎ ይሞታል። ባትሪ ሊያስቀይር የሄደ ሰው አረንጓዴ መስመር ያለበት ስክሪን ይዞ የሚመለሰው እንዲህ ነው። ለዚህ ነው ባትሪ ከማስቀየራችሁ በፊት «ስክሪኑ ቢጎዳ ኃላፊነቱ የማን ነው?» ብላችሁ ስልኩ እዚያው በርቶ እያለ የምትስማሙት።

ግንኙነቱ በተቃራኒው በኩልም አለ። ብዙ የሳምሰንግ ስክሪን በኦርጅናል የሚመጣው ከነፍሬሙ ነው። ባትሪው ያለው አሮጌው ፍሬም ላይ ስለሆነ፣ ስክሪን ለመቀየር የግድ ባትሪው መላቀቅ አለበት። ስልኩ ሁለት ሦስት ዓመት ካገለገለ፣ ከነፍሬሙ ስክሪን ስትገዙ የአዲስ ባትሪ ዋጋ አብራችሁ አስቡ። ሁለቱን በአንድ ቀን ማሠራት የእጅ ዋጋም ይቀንሳል፣ አንዱን አደጋም ያስቀራል።

«የሚለጥፉት ውሃ እንዳይገባ ነው፤ ምን ይደረግ?»

ውሃ የሚከለክለው የጀርባው ክዳን ጠርዝ ላይ ያለው ማሸጊያ ነው። ከባትሪው ስር ያለው ማጣበቂያ ሥራው ባትሪውን እንዳይነቃነቅ መያዝ ብቻ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።

ሳምሰንግ ራሱ በፈረንጆች 2014 ያወጣው ጋላክሲ ኤስ5 አይፒ67 የውሃ መከላከያ ነበረው። ያም ሆኖ ጀርባው በእጅ ይከፈት ነበር፣ ባትሪውም ይወጣ ነበር። በፈረንጆች 2022 የወጣው ኤክስከቨር6 ፕሮም እንዲሁ ውሃ ይከላከላል፣ ባትሪው ግን በእጅ ይወጣል። ማጣበቂያ ቀጭን ስልክ ለመሥራትና ፋብሪካ ላይ ቶሎ ለመገጣጠም ይጠቅማል። ይህ የአምራቹ ጥቅም ነው፤ ዋጋውን የምንከፍለው ግን እኛ ነን።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የተከፈተ ስልክ ማሸጊያው ካልተቀየረ ውሃ መከላከሉ አብሮ ይቀራል። ባትሪ ካስቀየራችሁ በኋላ ስልኩን ውሃ ውስጥ አትክተቱት።

«አምራቾቹ ካልፈለጉ ማን ያስገድዳቸዋል?»

የአውሮፓ ኅብረት ጀምሯል። ከሰኔ 20 ቀን 2025 (በፈረንጆች) ወዲህ እዚያ ገበያ የሚገቡ አዲስ ሞዴሎች ላይ ግዴታዎች አሉ። ስክሪንና ባትሪን ጨምሮ ዋና ዋና መለዋወጫዎች ሞዴሉ ገበያ መግባቱን ካቆመ በኋላ ለሰባት ዓመት መገኘት አለባቸው። ባትሪው ደግሞ 800 ጊዜ ሙሉ ተሞልቶ ካለቀ በኋላ ከአቅሙ ቢያንስ 80 በመቶ መያዝ አለበት።

ሕጉ አዲስ አበባ ያለውን ሻጭ አያስገድድም። መረጃው ግን ለሁሉም ክፍት ነው። በኅብረቱ ገበያ ስልኮች ላይ የሚለጠፈው ምልክት የጥገና ቅለትን ከ A እስከ E በፊደል ያሳያል፤ ባትሪው ስንት ዙር እንደሚቆይም ይጽፋል። eprel.ec.europa.eu ላይ ገብታችሁ የሞዴሉን ስም ብትፈልጉ ታገኙታላችሁ። ጀርመን ወይም ጣሊያን ያለ ዘመድ ስልክ ሊልክላችሁ ከሆነ ሱቅ ውስጥ ምልክቱን ፎቶ እንዲያነሳላችሁ ጠይቁት።

«መለዋወጫው እንዳይጠፋ ስክሪንና ባትሪ ከአሁኑ ገዝቼ አስቀምጣለሁ።»

ስክሪኑን መግዛት ይቻላል። ስልኩ ብርቅ ሞዴል ከሆነና ዋጋው ከተስማማችሁ፣ ሳትወስዱት በፊት ስልኩ ላይ ተሰክቶ ሲበራ እዩት፤ ከዚያ ከነማሸጊያው ጠንካራ ካርቶን ውስጥ አስቀምጡት።

ባትሪ ግን ባይሠራበትም ያረጃል። መደርደሪያ ላይ ሆኖ ቀስ በቀስ አቅሙን ያጣል። ጨርሶ ባዶ ሆኖ ከከረመ ደግሞ መልሶ ቻርጅ መቀበል እንቢ ሊል ይችላል። ሙቀት ይህን ያፋጥነዋል። ስለዚህ ባትሪ የሚገዛው በሚቀየርበት ሳምንት ነው። ስትገዙም ላዩ ላይ የተሠራበት ቀን ካለ አንብቡ፤ ብዙ ዓመት ሱቅ የከረመ ከሆነ ሌላ ጠይቁ። ትንሽ እንኳ ያበጠ ከሆነ፣ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጡት መሐሉ ከፍ ብሎ ከተወዛወዘ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ አትቀበሉት።