የሥራ ግብርና ጡረታ፦ ትንንሽ ቀጣሪዎች የሚሳሳቱባቸው

«ገንዘብ ያዥዋ ደሞዟ 9,000 ብር ነው፤ 25 በመቶ ውስጥ ስለምትገባ 2,250 ብር ቆረጥኩባት።»

ኧረ በዛ! 25 በመቶው የሚያርፈው ከ7,000 በላይ ባለው 2,000 ብር ላይ ብቻ ነው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራው ሠንጠረዥ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው፣ ከዚያ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20 በመቶ ይቆረጥበታል። አቋራጩ ቀላል ነው። የ9,000ን 25 በመቶ አውጡና 850 ቀንሱ፣ 1,400 ብር ይመጣል። ነፃው 600 ብር በነበረበት ዘመን የተሠራ ኤክሴል ይዛችሁ የምትሠሩ ካላችሁ እሱን ጣሉት።

«መጀመሪያ ጡረታውን ቀንሼ፣ በቀረው ላይ ግብር አሰላለሁ።»

አይሆንም። ግብሩ የሚሰላው ጡረታ ሳይነካው ነው። 7 በመቶው 630 ብር ነው፣ ስለዚህ እጇ የሚገባው 6,970 ብር። የቀጣሪው 11 በመቶ፣ ማለትም 990 ብር፣ ከእናንተ ኪስ ይወጣል እንጂ ከሷ ደሞዝ አይነካም (18ቱንም ከሠራተኛ የሚቆርጥ አይቻለሁ)። ጡረታ የሚታሰበው በመሠረታዊ ደሞዝ ነው። ትርፍ ሰዓት ጡረታ የለበትም፣ ግብር ግን አለበት።

«እኛ የተስማማነው በእጅ 9,000 ነው፤ ስለዚህ 9,000 ብዬ አሳውቃለሁ።»

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። 9,000 ሙሉውን በእጇ ሰጥታችሁ ግብሩንና ጡረታውን ከኪሳችሁ ከከፈላችሁላት፣ ያ የከፈላችሁላትም የሷ ገቢ ነው፣ ስለዚህ ያልተጣራው ደሞዝ ከ9,000 በላይ መሆኑ አይቀርም። ወደኋላ ስናሰላው 12,142.86 ብር ይሆናል። እንፈትሸው፦ ይህ ደሞዝ 30 በመቶ ውስጥ ስለሚገባ፣ በአቋራጩ 30 በመቶው ወጥቶ 1,350 ሲቀነስለት ግብሩ 2,292.86 ነው። ጡረታው 850። ሁለቱ ሲነሱ በትክክል 9,000 ይቀራል። በዚያ ላይ የእናንተ 11 በመቶ 1,335.71 ሲጨመር ይህች ሠራተኛ በወር 13,478 ብር ከምናምን ታስወጣችኋለች። ለዚህ ነው ውል ላይ «በእጅ» የሚለውን ትታችሁ ያልተጣራውን ጻፉ የምለው፣ አለበለዚያ የግብር ሠንጠረዡ በተቀየረ ቁጥር ሒሳቡ እናንተ ላይ ይዞራል።

«በዚህ ወር ገበያ የለም፣ የሁለቱን ወር አንድ ላይ እከፍላለሁ።»

የቆረጣችሁት ብር እኮ የእናንተ አይደለም! ገበያ ኖረ አልኖረ፣ ደሞዝ ከተከፈለ የኅዳሩ እስከ ታኅሣሥ 30 ታውቆ መከፈል አለበት። ሳትቆርጡ ብትቀሩም ተጠያቂው ቀጣሪው ነው፣ ቅጣትና ወለዱም ይከተላል። ጡረታው ደግሞ ዘግይቶ ነው የሚታወቀው፦ ሠራተኛዋ ከዓመታት በኋላ አገልግሎቷን ስታስቆጥር ያልከፈላችኋቸው ወሮች ባዶ ሆነው ይገኛሉ።