«ያመኛል» የሚለው የት ይጻፋል? የጥርስ ምርመራ ማስታወሻ በሶፕ

የምርመራ ማስታወሻን ኤስ፣ ኦ፣ ኤ እና ፒ በሚሉ አራት ክፍሎች በሚከፍለው በሶፕ አጻጻፍ ብዙዎቻችንን የሚያደናግረን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ልዩነት ነው። ኤስ ታካሚው የነገረን ነው፤ ኦ ደግሞ እኛ ያየነውና የፈተሽነው።

አንዲት ታካሚ «ቀዝቃዛ ስጠጣ በታች በቀኝ በኩል ያመኛል፣ ሌሊትም ይቀሰቅሰኛል» አለች እንበል። ይህ በራሷ ቃል ኤስ ውስጥ ይገባል፤ የምትወስደው መድኃኒትና አለርጂዋም እዚያው ይጻፋል። ኦ ላይ ግን «ጥርስ ቁጥር 46 ያማታል» ብሎ ማለፍ አይበቃም። «46 ጥልቅ መቦርቦር አለው፤ በቅዝቃዜ ሲፈተሽ ሕመሙ ቅዝቃዜው ከተነሳ በኋላ ከ30 ሰከንድ በላይ ቆየ፤ 45 እና 47 ላይ ወዲያው ጠፋ፤ ሲንኳኳ አያምም፤ እብጠት የለም» ይባል። «የለም» የሚለውን አትዝለሉት፤ ካልተጻፈ፣ መመርመራችሁን በኋላ ማስረዳት ከባድ ነው።

ኤ ድምዳሜው ነው፦ የማይመለስ የጥርስ ነርቭ ብግነት።

ከክስ የሚጠብቃችሁ በአብዛኛው ፒ፣ ማለትም የሕክምና ዕቅዱ ላይ ያለው ነው። ታካሚዋ ማስታገሻ ብቻ ፈለገች ብንል፣ «ሕክምና አልፈለገችም» የሚለው በቂ አይደለም። የሥር ሕክምናና መንቀል በአማራጭ መቅረባቸው፣ ካልታከመ ነርቩ ሊሞትና መግል ሊቋጥር እንደሚችል መነገሩ፣ እሷ የሰጠችው ምክንያት፣ የታዘዘው መድኃኒት ከነመጠኑ፣ የቀጠሮው ቀን፣ ሁሉም ይስፈር። «አስቸጋሪ ናት» ዓይነት አስተያየት ግን ፈጽሞ አይግባ።

የረሳችሁትን በኋላ ስትጨምሩ የጨመራችሁበትን ቀን ጻፉና ፈርሙ። በወረቀት ካርድ ላይ ስህተት ሲኖር፣ ከሥሩ ያለው እንዲነበብ በአንድ መስመር ብቻ ይሰረዝ።