ረጅም የቻት ንግግር እና የሚጠፉ መመሪያዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«መመሪያዬ ከላይ ተጽፎ ይታየኛል፤ እኔ ካየሁት እሱም ያየዋል»

ስክሪኑ የሚያሳየው የንግግሩን ማኅደር ነው። ሞዴሉ፣ ማለትም በቻቱ የሚመልስልዎ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ የሚያነበው ግን በየዙሩ የሚላክለትን ጽሑፍ ብቻ ነው። የቋንቋ ሞዴል ከአንዱ ጥያቄ እስከ ሌላው በራሱ የሚያስቀምጠው ነገር የለም። አዲስ መልእክት በተላከ ቁጥር ፕሮግራሙ የቀደመውን ንግግር ከመጀመሪያው ጀምሮ አያይዞ እንደገና ይልከዋል፤ ሞዴሉም ሁሉንም እንደ አዲስ ያነበዋል። የሚቀበለው ጽሑፍ ደግሞ ገደብ አለው፣ የዐውድ መስኮት ይባላል። ንግግሩ ከዚህ ሲያልፍ ብዙ ፕሮግራሞች ትልቁን ዕድሜ ያላቸውን መልእክቶች፣ ማለትም ከላይ ያሉትን፣ ሳይልኩ ይተዋሉ። ሌሎች አሳጥረው በማጠቃለያ ይተካሉ። በሁለቱም መንገድ ስክሪኑ ላይ ምንም አይለወጥም።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። ጅማ ከተማ ያለ የቡና አቅራቢ ቢሮ ከማና፣ ከጎማ፣ ከሊሙ ኮሳና ከሰቃ ጨቆርሳ የሚመጡ የግዢ መዝገቦችን በቢሮው ኮምፒውተር ላይ በተጫነ ሞዴል ወደ ሰንጠረዥ ያስቀይራል እንበል። ጸሐፊዋ በመጀመሪያው መልእክት አራት መመሪያ ትሰጣለች። ፈረሱላ በ17 ተባዝቶ ወደ ኪሎ ይቀየር፤ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይቆይ፤ የገበሬ ስም ፊደሉ አይታረም፤ እሸት ቡናና ጀንፈል በአንድ ድምር አይገቡ። ከዚያ መዝገቦቹን አንድ በአንድ ትለጥፋለች።

«ሞዴሉ 128 ሺህ ቶክን ይይዛል ተብሏል፤ የእኔ ንግግር እዚያ አይደርስም»

ቶክን ሞዴሉ ጽሑፍን የሚቆራርጥበት ቁራጭ ነው፤ ይህ ቁጥር ደግሞ ሞዴሉ የሚችለውን ይናገራል። የተጠቀሙበት ፕሮግራም የሚፈቅደው ግን ከዚያ በጣም ሊያንስ ይችላል። ሞዴሎችን በራስ ኮምፒውተር ላይ በሚያስኬደው ኦላማ በተባለ ፕሮግራም ነባሪው መጠን መጀመሪያ 2048 ቶክን ነበር፣ ቀጥሎ 4096 ሆነ፤ በአዳዲስ ቅጂዎች እንደ ግራፊክስ ካርዱ ማኅደረ ትውስታ ይለያያል። ሞዴሉ 128 ሺህ የሚችል ቢሆንም ማንም ካልቀየረው በእንዲህ ያለ ትንሽ መስኮት ሊሠራ ይችላል።

አማርኛ ሲሆን ደግሞ መስኮቱ ይበልጥ ይጠብባል። አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ 1 ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ብዙ ሞዴሎች የሠለጠኑበት አማርኛም ጥቂት ስለሆነ ሙሉ ቃላችንን እንደ አንድ ቁራጭ አያውቁትም። የተለመደ የእንግሊዝኛ ቃል ብዙ ጊዜ በ1 ቶክን ሲያልፍ፣ የአማርኛ ቃል እንደ ሞዴሉ ብዙ ቶክን ሊወስድ ይችላል።

በምሳሌያችን አንድ ቃል በአማካይ 8 ቶክን ይወስዳል ብለን እናስላ። 55 ቃል ያለው መመሪያ 440 ቶክን፣ የሞዴሉ አጭር «እሺ» የሚል መልስ 40 ቶክን፣ በድምሩ 480 ነው። እያንዳንዱ መዝገብ 200፣ መልሱ 300 ቢሆን፣ በየዙሩ 500 ይጨመራል። ከ7 መዝገብ በኋላ 480 እና 3500፣ ማለትም 3980 ደርሰናል፤ አሁንም ይበቃል። ስምንተኛው መዝገብ ሲለጠፍ ግን የሚላከው 4180 ይሆናል። የዚህ ቢሮ መስኮት 4096 ነው እንበል። ፕሮግራሙ ከላይ አንድ መልእክት ይጥላል፤ ያም 440 ቶክን ያለው መመሪያ ነው። የቀረው 3740 ስለሆነ እስከ መልሱ ድረስ በሚገባ ይበቃል። ከንግግሩ ሁሉ የጎደለው መመሪያው ብቻ ነው፤ ሰባቱም መዝገቦች እንዳሉ ናቸው። የሚያሳስበውም ይህ ነው፤ በጣም የሚያስፈልገው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ላይ ይጻፋል፣ መጀመሪያ የሚወጣውም እሱ ነው።

«ቢሞላበት ኖሮ ይነግረኝ ነበር»

መቁረጡን የሚሠራው ፕሮግራሙ ነው፣ ጽሑፉ ሞዴሉ ዘንድ ከመድረሱ በፊት። ለሞዴሉ ያልተላከ መልእክት ኖሮ አያውቅም፤ ስለዚህ የጎደለ ነገር እንዳለ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ፕሮግራም ሠሪዎች ሞዴሉን በቀጥታ በሚጠሩበት ጊዜ አንዳንድ አገልግሎቶች ገደቡ ሲታለፍ ስሕተት ብለው ይመልሳሉ፣ ይህ ጥሩ ነው። የቻት ገጽ ግን ሥራው እንዳይቋረጥ ሲል ዝም ብሎ ቆርጦ ሊቀጥል ይችላል።

«አሁንም በሰንጠረዥ እየመለሰ ነው፤ ስለዚህ መመሪያዬን አልረሳም»

ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። መመሪያው ከወጣም በኋላ በመስኮቱ ውስጥ ሰባት ትክክለኛ መልሶች አሉ። ሞዴሉ እነሱን አይቶ ይከተላል። ሰንጠረዡ ያው ይሆናል፣ ኪሎውም በ17 ይባዛል፣ ቀኑም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይቀጥላል፤ ሁሉም በቀደሙት መልሶች ውስጥ ተደጋግሞ ስለሚታይ። የሚጠፋው በምሳሌ ያልተሠራበት መመሪያ ነው።

በጸሐፊዋ ጉዳይ የመጀመሪያዎቹ ሰባት መዝገቦች ሁሉ እሸት ቡና ቢሆኑ፣ «እሸትና ጀንፈል በአንድ ድምር አይገቡ» የሚለው አንድም ጊዜ ሥራ ላይ አልዋለም። ስምንተኛው መዝገብ 12 ፈረሱላ እሸትና 5 ፈረሱላ ጀንፈል ይዞ ሲመጣ፣ ሞዴሉ በለመደው ሰንጠረዥ 204 ኪሎና 85 ኪሎ ብሎ በትክክል ይቀይራል፤ ከሥር ደግሞ «ድምር 289 ኪሎ» ይላል። ስሌቱ ልክ ነው፣ መልኩም ያማረ ነው፤ ነገር ግን ከነውሃው ያለ እሸት ከደረቀ ጀንፈል ጋር ተደምሯል። ይህን ቁጥር ይዞ ዋጋ የሚያሰላ ሰው ይሳሳታል። መዝገቡን ሳያመሳክር የሚያልፍ ሰው ደግሞ ምንም አያይም።

ስለዚህ ምልክት ሲፈልጉ ዘወትር የሚሠራውን ሕግ አይመልከቱ። አልፎ አልፎ ብቻ የሚመጣውን፣ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርግ» የሚለውን ይመልከቱ። «አታድርግ» የሚሉ መመሪያዎችም እንዲሁ ቶሎ ይጋለጣሉ፣ ምክንያቱም ያልተደረገ ነገር በቀደሙት መልሶች ውስጥ አይታይም። የገበሬዋ ስም «ነኢማ» ተብሎ ተጽፎ ሳለ ሞዴሉ «ናኢማ» ብሎ ማረም ከጀመረ፣ «አይታረም» የሚለው ሕግ ከመስኮቱ ሳይወጣ አልቀረም። ቀድሞ የመለሱለትን ጥያቄ እንደገና መጠየቁ፣ «ከላይ እንዳልኩህ» ሲሉት ያላሉትን ነገር ጠቅሶ መቀጠሉም ከዚሁ ወገን ናቸው።

«ረሳኸው ወይ ብዬ ጠየቅሁት፤ አልረሳሁም አለኝ»

ይህ ጥያቄ ምንም አይፈትንም። ሞዴሉ የሌለውን መመሪያ እንዳለው አድርጎ ሊመልስ ይችላል፤ ዘርዝር ቢሉት እንኳ ከሰባቱ መልሶች ተነሥቶ ሊሆን የሚችል መመሪያ ያቀናብራል፤ አብዛኛውም ልክ ሊመስል ይችላል። የሚሻለው እንዲህ ማለት ነው፦ «በዚህ ንግግር ከእኔ የደረሰህን የመጀመሪያ መልእክት ቃል በቃል ገልብጥ»። መመሪያው ካለ ይገለብጠዋል። ከወጣ ግን የማናውን የመጀመሪያ መዝገብ የንግግሩ መክፈቻ አድርጎ ያቀርባል። እንዲህ ካደረገ መቆረጡ ብዙም አያጠራጥርም።

ከዚህ የጠነከረ ፈተና ከፈለጉ፣ መመሪያው ውስጥ ከሥራው ጋር የማይገናኝ የመለያ ቃል ያስቀምጡ፣ ለምሳሌ «መለያ፦ ሰፌድ 63፤ ካልጠየቅሁህ አትጥቀሰው»። በየጊዜው መለያውን ሲጠይቁት ካልመለሰ ወይም ሌላ ከፈጠረ መስኮቱ አልፎታል። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ መለያው በመልሱ ውስጥ አንዴ ከተጠቀሰ አዲስ ቅጂ ሆኖ መስኮቱ ውስጥ ይቆያል፣ ስለዚህ ለቀጣዩ ፈተና አይጠቅምም። ሁለት ሦስት የተለያዩ መለያዎች አስቀምጦ በየተራ መጠየቅ ይሻላል።

ፈተናው ሌላ ችግርም ይለያል። ሞዴሉ መመሪያውን በትክክል ገልብጦ በሥራው ላይ ግን ካልተከተለው፣ መመሪያው አልተቆረጠም፤ በብዙ ጽሑፍ መሐል ትኩረት ተነፍጎት ነው። ለዚህ መስኮት ማስፋት አይረዳም፤ መመሪያውን ማሳጠርና ከጥያቄው አጠገብ መድገም ነው የሚረዳው።

ኦላማ ለሚጠቀም ደግሞ ቁጥሩን በቀጥታ ማየት ይቻላል፦

```
/set verbose
```

ከዚህ በኋላ ከእያንዳንዱ መልስ ሥር `prompt eval count` የሚል ቁጥር ይወጣል፤ የተነበበው ቶክን መጠን ነው። በየዙሩ እያደገ ሄዶ ወደ 4096 ሲጠጋ እድገቱ ከወትሮው በጣም ካነሰ፣ ከቆመ ወይም ዝቅ ካለ፣ በዚያ ዙር የተጣለ መልእክት ሳይኖር አይቀርም።

«መመሪያውን አንዴ እንደገና ብልክለት ያበቃል»

ለጥቂት ዙር ብቻ። እንደገና የተላከው መመሪያ አሁን በንግግሩ ግርጌ ነው፣ ነገር ግን አዳዲስ መዝገቦች ሲጨመሩ ወደ ላይ እየተገፋ ሄዶ ያው ዕጣ ይደርሰዋል። በዚያ ላይ ሳይስተዋሉ ያለፉ የተሳሳቱ መልሶች በመስኮቱ ውስጥ ናቸው፤ ሞዴሉ መመሪያውንም ስሕተቱንም አብሮ ያያል፣ የቱን እንደሚከተል እርግጠኛ መሆን አይቻልም። «289 ኪሎ» የሚለው ድምር ተሠርቶ ካለፈ፣ አዲስ ንግግር መክፈት ይመረጣል።

ዘላቂው መንገድ መመሪያውን እንደ ተራ መልእክት አለመላክ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ለቋሚ መመሪያ የተለየ ቦታ አላቸው፤ እዚያ የተጻፈው ብዙውን ጊዜ በየዙሩ ከላይ ተያይዞ ይላካል። ኦላማ መልእክት ሲጥል እንዲህ ያለውን መመሪያ አይነካም፦

```
/set system "1 ፈረሱላ = 17 ኪሎ። ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይቆይ። እሸትና ጀንፈል አትደምር። ስም አታርም።"
/set parameter num_ctx 16384
```

ሁለተኛው መስመር መስኮቱን ያሰፋል፤ በምሳሌያችን ስሌት ከ7 መዝገብ ወደ 31 መዝገብ ይወስደዋል። ግን መስኮቱ ሲሰፋ የሚፈልገው የኮምፒውተር ማኅደረ ትውስታ ይጨምራል። `ollama ps` ብለው ሲያዩ ሥራው ከግራፊክስ ካርዱ ወደ ሲፒዩ በከፊል ከተዛወረ መልሱ በጣም ይዘገያል፤ ያኔ ቁጥሩን ወደ 8192 ዝቅ ማድረግ ይቻላል።

እንዲህ ላለው መዝገብ ግን ረጅም ንግግር ጭራሽ አያስፈልግም። የሊሙ ኮሳው መዝገብ የማናውን ማወቅ አይጠበቅበትም። መመሪያውን በፋይል አስቀምጦ ለእያንዳንዱ መዝገብ፣ ቢበዛም ለአምስት መዝገብ፣ አዲስ ንግግር መክፈትና መመሪያውን ከላይ መለጠፍ ይበቃል። ከአንዱ ንግግር ወደ ሌላው መሸጋገር ያለበት ነገር ካለ፣ ለምሳሌ የእስካሁኑ የእሸት ድምርና የጀንፈል ድምር፣ ጸሐፊዋ ራሷ ከመዝገቡ አመሳክራ በሁለት መስመር ትጻፈው፤ ሞዴሉ እንዲያጠቃልል ከጠየቀችው ማጠቃለያው የሚመጣው ከተቆረጠው ንግግር ነው።