ወተቱ የገበሬው፣ ደረሰኙ የገዢው፦ ከሱሉልታ እስከ ሆለታ ያለው አሠራር

ብዙ ጊዜ ደረሰኝ የሚቆርጠው ሻጭ ነው። ዕቃ ሸጠህ፣ ወረቀቱን ጽፈህ፣ ገንዘቡን ትቀበላለህ። ግን ይሄ የሚገለበጥበት ንግድ አለ። ሻጩ ዕቃውን ያስረክባል፣ ገዢው ይለካል፣ ይመረምራል፣ ሒሳቡን ይሠራል፤ ከዚያ በሻጩ ስም ደረሰኙን የሚያዘጋጀው ራሱ ገዢው ነው። ሻጩ የራሱን ሌላ ደረሰኝ አይቆርጥም።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ይሄን አሠራር በደንብ ማየት የፈለገ ሰው ወተት ጋ ይሂድ። ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ፣ ሰበታ፣ ሆለታ፤ ለከተማው ከሚገባው ወተት ብዙው የሚመጣው ከነዚህ አካባቢዎች ነው። ሁለት ሦስት ላም ያላቸው ቤተሰቦች ጠዋትና ማታ አልበው በባልዲ ወይም በጄሪካን ወደ መሰብሰቢያ ጣቢያ ያመጣሉ። ከጣቢያው ወደ ማቀነባበሪያ ይሄዳል።

ለምን ገዢው ይጽፋል? ገበሬዋ ደረሰኝ የማተም አቅምም ግዴታም ስለሌላት ብቻ አይደለም። ዋናው ምክንያት የሽያጩ መጠን የሚታወቀው ገዢው ጋ መሆኑ ነው። ቤት ውስጥ 5 ሊትር የነበረው ወተት 5 ሊትር ሆኖ የሚሸጠው ጣቢያው ተቀብሎት ካለፈ በኋላ ነው። ላክቶሜትር የሚባል ተንሳፋፊ መለኪያ ይገባበታል፤ ውሃ የተጨመረበት ወተት የአንዱ ሊትር ክብደት ስለሚቀንስ መሣሪያው ከወትሮው ይበልጥ ይሰምጣል። ቀጥሎ የአልኮል ምርመራ አለ፤ ትንሽ ወተት ከእኩል መጠን አልኮል ጋር ይቀላቀላል፣ ከረጋ ብዙ ጊዜ ወተቱ መኮምጠጥ ጀምሯል ማለት ነው፣ ማቀነባበሪያው ሲያሞቀው ስለሚበላሽ አይወስደውም። ይሄ ሁሉ የሚሆነው ገዢው ጣቢያ ላይ ነው። ሻጭዋ ቤቷ ሆና ደረሰኝ ብትጽፍ የምትጽፈው ግምት ነው። በሌላው ዓለምም አሠራሩ የበዛባቸው ንግዶች እንዲሁ ናቸው፦ ፋብሪካው ሚዛን ላይ የሚወጣ ቁርጥራጭ ብረት፣ ሽያጩን አሳታሚው ብቻ የሚያውቀው የደራሲ ክፍያ፣ ሥራው ተለክቶ የሚከፈለው የግንባታ ንዑስ ተቋራጭ።

እስክሪብቶው ገዢው እጅ ገባ ማለት ግን ሽያጩ የገዢው ሆነ ማለት አይደለም። ወረቀቱ ላይ ለተጻፈው ሽያጭ በግብር በኩል የሚጠየቀው ሻጩ ነው። ስለዚህ አሠራሩ ባለባቸው አገሮች ሕጉ ሁለት ነገር አጥብቆ ይይዛል። የአውሮፓ ኅብረት የቫት መመሪያ (እ.ኤ.አ. የ2006ቱ) በአንቀጽ 224 ላይ ገዢው ደረሰኝ ሊያዘጋጅ የሚችለው አስቀድሞ ስምምነት ካለ፣ እያንዳንዱን ደረሰኝም ሻጩ የሚቀበልበት ሥርዓት ካለ ነው ይላል። እንግሊዝ ውስጥ ስምምነቱ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ሻጩ በውሉ ዘመን የራሱን ደረሰኝ ላለመቁረጥ ይፈርማል፣ ገዢውም እንዲህ የሚጽፍላቸውን ሻጮች ስም ዝርዝር ይይዛል። አውስትራሊያ ደግሞ ሁለቱም ወገኖች ለሽያጭ ታክስ የተመዘገቡ እንዲሆኑ ትጠይቃለች።

እኛ ጋ ቅርቡ ነገር የግዢ ቫውቸር ነው። ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ ከሌለበት ሰው የሚገዛ ድርጅት ወጪውን የሚያስረዳበት ወረቀት ነው። የሻጩ ስምና አድራሻ፣ መለያ ቁጥር ካለው እሱ፣ የዕቃው ዓይነት፣ መጠን፣ የአንዱ ዋጋ፣ ድምር፣ ፊርማ። ከውጭው አሠራር የሚለይበት ትልቅ ነጥብ አለ። ሻጭዋ ለቫት ያልተመዘገበች ገበሬ ስለሆነች እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ 15 በመቶ ቫት ሊጻፍ አይችልም፣ ገዢውም ከዚህ ግዢ የሚያቀናንሰው ቫት የለም። ለቫት ከተመዘገበ አቅራቢ ሲገዛ ደግሞ በቫውቸር አይተካም፤ አቅራቢው የራሱን ደረሰኝ ይቆርጣል።

አሁን አንድ ሒሳብ እንሥራ። ዋጋዎቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው። አንዲት ሱሉልታ አካባቢ ያለች ገበሬ ሁለት ላም አላት እንበል። ጠዋት 5 ሊትር፣ ማታ 3 ሊትር ታስረክባለች። ክፍያው በየ15 ቀኑ ነው። በ15 ቀን 120 ሊትር ማለት ነው። ከመካከሉ አንድ ማታ ያመጣችው 3 ሊትር በአልኮል ምርመራ ወደቀ። ተቀባዩ ልጅ መዝገቡ ላይ ጽፎ «እትዬ፣ የዛሬ ማታው ተመልሷል፣ ረግቷል፤ እርስዎም ደብተርዎ ላይ ያስጽፉት» ይላታል። የተሸጠው 117 ሊትር ሆነ። ሊትሩ በ60 ብር ከሆነ 7,020 ብር።

እዚህ ላይ ጠንቅቆ መታየት ያለበት ያ የወደቀ 3 ሊትር ነው። ገበሬዋ መልሳ ከወሰደችው ሽያጭ የለም፣ ቫውቸሩ ላይ አይገባም፣ ግን መዝገቡ ላይ ቀኑ፣ መጠኑና ምክንያቱ ይቀመጣል። ጣቢያው ለቅቤ ወይም ለአይብ አስቀርቶት ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ወተቱ ተገዝቷል። ዋጋው ያነሰ ሊሆን ይችላል፣ ግን በራሱ መስመር፣ በራሱ ዋጋ ቫውቸሩ ላይ መውጣት አለበት። «ተበላሽቷል» ተብሎ ከሒሳቡ የወጣ፣ ከጣቢያው ግን ያልወጣ ወተት የገበሬዋ ገንዘብ ነው። በእኔ እምነት ይሄ የአሠራሩ በጣም ደካማ ቦታ ነው፣ ምክንያቱም የሚለካውም፣ የሚጥለውም፣ የሚጽፈውም አንድ ወገን ነው።

ሁለተኛው ነገር ተቀናሽ ነው። ገበሬዋ በነዚያ ቀናት ከጣቢያው በዱቤ ፉርሽካ ወስዳለች፣ ዋጋው 2,400 ብር ነው እንበል። እጇ ላይ የሚገባው 4,620 ብር ይሆናል። ብዙ ጣቢያ ላይ ልማዱ 4,620ን ብቻ ጽፎ ማስፈረም ነው። ልክ አይደለም። የወተቱ ሽያጭ 7,020 ነው፣ ቫውቸሩም የሚለው 7,020 መሆን አለበት። ፉርሽካው ደግሞ ጣቢያው ለእሷ የሸጠው ነው፣ እሱ የራሱ ደረሰኝ አለው። ሁለቱ የሚቀናነሱት የክፍያ ወረቀቱ ላይ ነው። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ገበሬዋ ወተቷ በስንት እንደተሸጠ ማወቅ አትችልም፣ ፉርሽካው ላይ የተጨመረባትንም አታየውም፣ ድርጅቱም የወተት ወጪውን አሳንሶ የፉርሽካ ሽያጩን ደብቋል። ግብርም ከተቀነሰ እንዲሁ ነው፦ ዊዝሆልዲንግ የተያዘበት ሰው የተያዘበትን የሚያሳይ የራሱ ደረሰኝ ሊሰጠው ይገባል፣ ድምሩ ውስጥ ጠፍቶ መቅረት የለበትም።

ሦስተኛው ትንሽ የሚመስል ግን በየቀኑ የሚደገም ነው። አንዳንዱ ጣቢያ በሊትር ይሰፍራል፣ አንዳንዱ በሚዛን ይመዝናል። አንድ ሊትር ወተት 1.03 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የእኛዋ 117 ሊትር ሚዛን ላይ 120.5 ኪሎ አካባቢ ይወጣል። ዋጋውን በሊትር ተስማምተው ሚዛኑ በኪሎ ከሆነ ኪሎውን በ1.03 ማካፈሉ አግባብ ነው። ችግሩ ተቀባዩ ጠዋት መዝገቡ ላይ ወደ ሊትር ቀይሮ ጽፎት፣ ቢሮ ያለው ሒሳብ ሠራተኛ ደግሞ ኪሎ መስሎት እንደገና በ1.03 ሲያካፍለው ነው። 117ቱ 113.6 ይሆናል። 200 ብር ገደማ በ15 ቀን ጠፋ፣ ማንም ሳይሰርቅ። ይሄን መያዝ ቀላል ነው። የቫውቸሩን መጠን ከደብተሩ ድምር ጋር አስተያዩ፤ ልዩነቱ በየክፍያው ወደ 3 በመቶ የሚጠጋ ከሆነ ምክንያቱ መለኪያው ነው። አንዴ በዝቶ አንዴ አንሶ የሚመጣ ከሆነ የአጻጻፍ ስህተት ነው፣ እሱ በየቀኑ መስመር ተፈልጎ ይገኛል።

ደብተር ያልኩት ዝም ብሎ አይደለም። አሠራሩን የሚያስተማምን ያደረገው ገበሬዋ እጅ ያለችው ትንሽ ደብተር ናት። በየርክክቡ ተቀባዩ በራሱ መዝገብ የጻፈውን እዚያም ይጽፋል፣ ይፈርማል። ጠዋት ስንት፣ ማታ ስንት፣ የተመለሰ ስንት። የአውሮፓው ሕግ «ሻጩ የሚቀበልበት ሥርዓት» ያለው በወተት ጣቢያ ደረጃ ይሄ ነው። በ15ኛው ቀን ቫውቸር ላይ ብቻ ማስፈረም ብዙ አይጠቅምም። በዚያ ሰዓት ገበሬዋ ገንዘቧን ትፈልጋለች፣ የዛሬ አሥር ቀን ማታ ያመጣችውን ማስታወስ አትችልም፣ ትፈርማለች። ማንበብ ለማትችል ሰው ደብተሩን ልጇ ወይም ጎረቤት ያይላታል፣ ለዚያም ቢሆን ቫውቸሩ ከመፈረሙ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ድምሩ ቢነገር መልካም ነው።

ስህተት ሲገኝ ደግሞ የተፈረመ ቫውቸር አይሰረዝም፣ በላዩ አይጻፍም። የተረሳ ወተት ካለ በቀጣዩ ክፍያ «ያለፈው ጊዜ ማስተካከያ» ተብሎ ቀኑና መጠኑ በራሱ መስመር ይገባል።

የጾም ነገር ሳይነሳ አይታለፍም። በዐቢይ ጾም 55 ቀን የከተማው የወተት ፍላጎት ይወርዳል፣ ረቡዕና ዓርብም እንዲሁ። ላሟ ግን አትጾምም። ማቀነባበሪያው ወይ የሚቀበለውን ይቀንሳል ወይ ዋጋ ያወርዳል። ዋጋ ማውረድ በራሱ በደል አይደለም፣ ገበያ ነው። በደል የሚሆነው ወተቱ ከተረከበ በኋላ ቫውቸር ሲዘጋጅ ወደ ኋላ ተመልሶ ሲወርድ ነው። የሚጽፈው ገዢው ስለሆነ ይሄን ማድረግ ለእሱ አንድ ቁጥር መቀየር ብቻ ነው። ስለዚህ አዲሱ ዋጋ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚሠራ አስቀድሞ ጣቢያው በር ላይ ይለጠፍ፣ በ15 ቀኑ መሀል ከተቀየረ ቫውቸሩ ሁለት መስመር ይኑረው፦ እስከዚህ ቀን በዚህ ዋጋ፣ ከዚህ ቀን በዚህ።

ማኅበር ሲገባበት የሻጩ ማንነት ይቀየራል። ገበሬዎቹ በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ወተቱን ማኅበሩ ሰብስቦ ለማቀነባበሪያ ከሸጠው፣ ለማቀነባበሪያው ሻጩ ማኅበሩ ነው፣ የራሱ መለያ ቁጥር ያለው ድርጅት ነውና ደረሰኙንም እሱ ይቆርጣል። ለእያንዳንዷ ገበሬ የሚጻፈው ወረቀት ከማቀነባበሪያው ሳይሆን ከማኅበሩ ይወጣል። አንዳንድ ቦታ ማቀነባበሪያው በድሮው ዝርዝር ለገበሬዎቹ በየስማቸው መጻፉን ይቀጥላል፣ ማኅበሩም በጅምላ ደረሰኝ ይሰጣል። ያው ወተት ሁለቴ ተሸጠ ማለት ነው፣ ግብር ሰብሳቢው ሲያስተያይ ጥያቄው የሚመጣው ማኅበሩም ገበሬውም ላይ ነው። ማኅበሩ ማስረከብ በጀመረበት ቀን የድሮው ዝርዝር ተዘግቶ፣ እስከዚያ ቀን ያለው የገበሬዎቹ ሒሳብ ለብቻው ተከፍሎ ማለቅ አለበት።